የልጄ ደም ላይ ሊድ ተገኘ፤ ከኩሉ ይሆን?

ጠያቂ (ሜሪላንድ)፦ ሰላም ናችሁ? የአንድ ዓመት ልጄ ክሊኒክ ጣቷን ተወግታ ስትመረመር ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት 6 አላት ተባልኩ። የቆየ የግድግዳ ቀለም አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ ቤታችን ግን አዲስ ነው። አማቴ ከሀገር ቤት ባመጡልኝ የድንጋይ ኩል ዓይኗን እኩላታለሁ። ብልቃጡ ላይ ምንም አልተጻፈም። በፋርማሲ የኩል እርሳስ ልቀይረው?

ሰሚራ፦ አይዞሽ እህቴ። እኛ ሐረር ተኩለን ነው ያደግነው፣ ዓይናችንም ደህና ነው። ጥፋቱ የድንጋዩ ሳይሆን የሚቀላቅሉበት ነው። እኔ ከጂዳ የማስመጣው «ሊድ የለውም» የሚል ተጽፎበታል። እሱን ግዢ።

ሄለን፦ እኔንም የኩል እርሳስ ዓይኔን ያቀላዋል! ምን ይሻለኛል?

ፋርማሲስቱ፦ ሰሚራ፣ መቀላቀሉ ሊያባብሰው ይችላል፤ ዋናው ግን ድንጋዩ ነው። የሚያብረቀርቀው ጥቁር ድንጋይ ብዙ ጊዜ ጋሌና ነው። ጋሌና ደግሞ የሊድና የድኝ ውህድ ነው፤ ንጹሕ በሆነ ቁጥር ሊዱ ይበዛል። በ2011 ቦስተን ውስጥ የስድስት ወር ሕፃን ደም ላይ በዴሲሊትር 13 ማይክሮግራም ሊድ ተገኘ፤ የልጅሽ 6ም በዚሁ መለኪያ ነው። ቤተሰቡ ከናይጄሪያ ያመጣው ቲሮ የሚባል ኩል ሲመረመር 82.6 በመቶው ሊድ ነበር። የዓይን ደህንነት ለብቻው አያስተማምንም። ሕፃን ዓይኗን አሽታ እጇን አፏ ትከታለች፤ ሊዱ ደግሞ የሚጎዳው አእምሮዋን ነው።

ጠያቂ፣ አሜሪካ ውስጥ ለልጆች ክትትል የሚጀመረው ከ3.5 ነው። ኩሉን ዛሬውኑ አቁሚ። ጣት ላይ የቀረ የኩል ዱቄት ውጤቱን ከፍ ሊያደርገው ስለሚችል፣ ከደም ሥር ተቀድቶ ይደገምላት። ብልቃጡን አትጣይው። በፕላስቲክ አሽገሽ ለሐኪሟ ውሰጂ፣ በጤና ቢሮው በኩል ይመርመር። የተቀመጠበትን መሳቢያ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ። ለሕፃን እርሳሱም አያስፈልጋትም።

ለራስሽ ስትገዢ ጀርባውን አንብቢ። ፊት ለፊት Kohl የሚለው ብዙ ጊዜ የቀለሙ ስም ብቻ ነው። ከኋላ Iron Oxides ወይም CI 77499፣ አለዚያም Black 2 ወይም CI 77266 ካለ፣ ጥቁረቱ ከብረት ኦክሳይድ ወይም ከካርበን ነው። Galena፣ Lead Sulfide ወይም Surma የሚል ካየሽ፣ ወይም የይዘት ዝርዝር ከሌለው ተይው። «ሊድ የለውም» የሚለውን ማንም ማተም ይችላል።

ሄለን፣ ያንቺ ሌላ ነው፤ ያረጀውን ጣይ፣ ካልተሻለሽ ዓይን ሐኪም ይይልሽ።

ሰሚራ፦ የእኔ ዝርዝር የለውም፣ ጽሑፉ ብቻ ነው። ላስመረምረው ነው። ከመብራት ጥላሸት የሚሠራውስ? ሕንዳዊት ጎረቤቴ ራሷ ትሠራለች።

ፋርማሲስቱ፦ ጥላሸት ብቻ ከሆነ የጋሌናው ችግር የለበትም። ግን ምን እንደምትጨምርበት ጠይቂያት። ለሕፃን እሱንም አልመክርም።

ጠያቂ፦ ሐሙስ ከደም ሥር ይቀዳላታል፤ ብልቃጡንም እወስደዋለሁ። አማቴ ራሳቸው በየቀኑ ይኳላሉ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያቅፏትም እሳቸው ናቸው። «የእናቴ ኩል ነው» ብለው አይተዉትም። እንዴት ብዬ ልንገራቸው?