ጉሮሮው ላይ የተለጠፈው ግራጫ ነገር በምን ይነሳል? ቶሎ መልሱልኝ

የደምበጫዋ (ከምሽቱ 1:40)
እንዴት አመሻችሁ። የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። የልጄ ጉሮሮ ላይ ግራጫ ነገር ተለጥፎበታል። በጥጥ ልጠርገው ብል ደማ እንጂ አልነሳ አለኝ። አንገቱም አብጧል። በምን ላንሳው? አማቴ እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ጠዋት እንጥል ቆራጭ እናስመጣ እያሉ ነው።

አያ ጎሹ (1:44)
ዳማከሴ ጨምቀሽ አጠጪው፣ በጨው ውኃም ያጉመጥምጥ። ትልቅ ሰው ቢሆን አንድ መለኪያ አረቄ እናዝለት ነበር፣ ሃሃ።

ባለሱቁ (1:47)
ቶንሲል ነው። የእኔም ልጅ ነጭ ነገር አውጥቶ ነበር፣ አሞክሲሲሊን ሽሮፕ ወስዶ ዳነ። አትጨነቂ።

ጤና ጣቢያ የሠራሁ (1:52)
እህቴ፣ ጥጡንም ጣትሽንም ከጉሮሮው አውጪ። ደግመሽ አትነካኪው። ይህን በፍጥነት መልሺልኝ፦ ዕድሜው ስንት ነው? ግራጫው ቶንሲሉ ላይ ብቻ ነው ወይስ ወደ እንጥሉና ወደ ላንቃው አልፏል? አየር ሲስብ ድምፅ ያሰማል? ክትባቱን ጨርሷል?

የደምበጫዋ (1:56)
አምስት ዓመቱ ነው። እንጥሉ ላይም አለ፣ በአንድ በኩል ላንቃውም ላይ። ቀን ደህና ነበር፣ ከመሸ ወዲህ ሲተነፍስ ያፏጫል። ክትባት አንዴ ብቻ ነው የተከተበው። ያን ሌሊት አተኩሶት አድሮ አባቱ ከዚህ በኋላ አይሄድም አለ። አሁን ግን ትኩሳቱ ብዙ አይደለም፣ ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ያልሮጥኩት።

ጤና ጣቢያ የሠራሁ (2:03)
የትኩሳቱ ማነስ አያዘናጋሽ፣ ዘጊ አነዳ ወይም ዲፍቴሪያ የሚሉት በሽታ ብዙ ጊዜ ከባድ ትኩሳት የለውም። አይቼው አይደለምና ነው ብዬ አልምልም። ግን ከቶንሲሉ አልፎ እንጥልና ላንቃ የያዘ፣ ሲነካ የሚደማ ግራጫ ሽፋን፣ ያበጠ አንገትና የሚያፏጭ ትንፋሽ አንድ ላይ ከመጡ፣ ክትባቱን ያልጨረሰ ልጅ ላይ ሌላ ምርመራ እስኪደርስ አይጠበቅም። አሁኑኑ፣ በዚህ ሌሊት ሂጂ።

ሽፋኑ እንደ ወተት ቅሪት ላዩ ላይ የተቀመጠ አይደለም። የሞተ ሥጋ ከጉሮሮው ጋር ተጣብቆ ነው፣ ስለዚህ ሲፋቅ ይደማል፣ ተመልሶም ይሠራል። ቁራጩ ወደ አየር ቧንቧው ከወረደ ደግሞ ልጁ ይታፈናል። እንጥል መቁረጥም እዚያው ያበጠና የሚደማ ቦታ ላይ ቢላዋ መጨመር ነው። አማትሽን በትሕትና እምቢ በያቸው።

በመንገድ ላይ ቀጥ አድርገሽ ጭንሽ ላይ አስቀምጪው እንጂ አታስተኚው። አፉን በግድ አትክፈቺ፣ አታስለቅሺው፣ ለቅሶ ትንፋሹን ይባስ ያጠብበታል። ባልሽ ወይም አንቺ ብቻ ይዛችሁት ሂዱ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። በር ላይ እንደደረሳችሁ «ዘጊ አነዳ ይመስላል፣ ክትባቱን አልጨረሰም» በሉ፣ ወረፋ ላይ ከሌሎች ልጆች ጋር እንዳያስቀምጧችሁ።

ባለሱቁ (2:05)
አሞክሲሲሊን ይጀመርለት ብያለሁ። ጤና ጣቢያም ሄዳችሁ ያንኑ ነው የሚሰጧችሁ።

ጤና ጣቢያ የሠራሁ (2:12)
ወንድሜ፣ ግማሹ ልክ ነህ። ጤና ጣቢያ ፔኒሲሊን ወይም ኤሪትሮማይሲን ይጀምሩለታል፣ ይህ ጀርሙን ይገድላል፣ ወደ ሌላ እንዳይተላለፍም ያደርጋል። ልጁን የሚጎዳው ግን ጀርሙ የሚያመርተው መርዝ ነው። ጀርሙ ጉሮሮ ላይ ተቀምጦ መርዙ በደም ወደ ልብና ወደ ነርቭ ይሄዳል። ለዚያ ማርከሻው ከፈረስ ደም የሚሠራ መድኃኒት ነው፤ አንቲቶክሲን ይሉታል። ማርከሻው በደም ውስጥ ገና የሚዞረውን መርዝ ብቻ ነው የሚይዘው። ልቡ ላይ የተጣበቀውን አይፈታም። ለዚህ ነው ሐኪም የላብራቶሪ ውጤት ሳይጠብቅ የሚሰጠው፣ ለዚህም ነው በሽሮፕ አንድ ቀን መቆየት የሚጎዳው።

ይህ መድኃኒት በዓለምም እጥረት ያለበት ነው፣ ጤና ጣቢያ ይገኛል ተብሎ አይጠበቅም። እህቴ፣ የመጀመሪያው መርፌ ሲሰጠው ሪፈሩ እየተጻፈ ይሁን። ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ከመነሳታችሁ በፊት መድኃኒቱ የት እንዳለ እንዲደውሉ ጠይቂያቸው። ትንፋሹ ከተዘጋ በአንገቱ በኩል መተንፈሻ የሚከፍት ሐኪም ያለበት ቦታ መሆኑንም ጭምር።

ቀኛዝማች ነኝ (2:15)
ይቅርታ ግን አንገት ካበጠ ጆሮ ደግፍ ነው። እኛ ሁላችን ይዞን አድጓል፣ ማን ተከተበ? ይህ ሁሉ ማስፈራራት ሰውን ሌሊት መንገድ ለማስወጣት ነው። በዚህ ጊዜ በጨለማ የሚኬድ ነው?

የሞጣው (2:17)
ጋሼ፣ መንገዱ ላይ ያሉት እውነት ነው፣ እሱን እኔም እፈራለሁ። ልጁ ግን እያፏጨ ነው። እህቴ፣ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ደውዪ። እስኪመጣ ጤና ኤክስቴንሽኗን ቀስቅሺ፣ የቀበሌው ሰው አስፈቅዶ ባጃጅ ያወጣልሻል። በእኛ መንደር እንዲያ ነው የሚደረገው።

ጤና ጣቢያ የሠራሁ (2:22)
ጋሼ፣ ጆሮ ደግፍ ከጆሮ ሥር ጉንጩን ነው የሚያሳብጠው፣ የጆሮውን ጫፍ ወደ ላይ ይገፋዋል። ጉሮሮ ውስጥ ግራጫ ነገር አይለጥፍም። እዚህ የሚያብጠው ከአገጭ ሥር ወደ ታች አንገቱ ሁሉ ነው፣ አንገቱ እንደ ወይፈን አንገት ይወፍራል። ድሮ አልተከተብንም ያሉት እውነት ነው። በዚህ በሽታ የሞቱት ግን እዚህ መጥተው አይጽፉልንም።

የደምበጫዋ (2:26)
ባጃጅ ተገኘ፣ እየወጣን ነው። ሁለት ታናናሾቹ አብረውት ነው የሚተኙት፣ ምን ላድርጋቸው?

ጤና ጣቢያ የሠራሁ (2:31)
ከአማትሽ ጋር ይቆዩ፣ ዛሬ ሌላ ቤት አይሂዱ። በኩባያውም አይጠጡ። ነገ ጠዋት ባልሽ ይውሰዳቸው፣ ባይታመሙም መከላከያ አንቲባዮቲክ ይሰጣቸዋል፣ ጉሮሯቸውም ይታያል፣ ክትባታቸው ከጎደለም ይሞላል። አብራችሁት ያላችሁ ትልልቆቹም እንዲሁ።

ልጁ ቢሻለውም ቶሎ ተነስቶ እንዳይሮጥ። ልብ በሳምንት በሁለት ሳምንት ውስጥ ሊደክም ይችላል። ከዚያም በኋላ ድምፁ በአፍንጫው ከሆነ ወይም የሚጠጣው ውኃ በአፍንጫው ከተመለሰ ነርቩ ተነክቷል ማለት ነው፣ መልሰሽ ውሰጂው።

እናት ነኝ ከቡሬ (2:40)
እኔም ልጠይቅ። የእኔ ልጅ አራት ወር ሞላት፣ በስድስተኛው ሳምንት ተከትባ ከዚያ አልሄድንም። እሷም ያን ሌሊት አተኩሷት ነበር። እንደገና ከዜሮ ይጀመራል?

ጤና ጣቢያ የሠራሁ (2:46)
አይጀመርም፣ የቀረው ይቀጥላል። ሁለተኛው ነገ ቢሰጥ ሦስተኛው ከአራት ሳምንት በኋላ ነው። በጊዜው ቢሆን 6ኛ፣ 10ኛና 14ኛ ሳምንት ላይ ነበር። በመርፌው ማግስት መጠነኛ ትኩሳት የተለመደ ነው፣ ፓራሲታሞል በክብደቷ ልክ ይበቃል፣ ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም። አንዱ መርፌ ሰውነቷን ያስጀምራል እንጂ መርዙን ለመመከት አያደርሳትም። ካርዱን ይዘሽ ሂጂ፣ ከጠፋም ሂጂ።

ባለሱቁ (2:50)
የእኔ ልጅ ሦስቱንም ወስዷል፣ ታዲያ ጀርሙ አይዘውም ማለት ነው?

ጤና ጣቢያ የሠራሁ (2:55)
ጀርሙ ጉሮሮው ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ክትባቱ የሚያስተምረው መርዙን መመከት ነው፣ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ከባድ በሽታ አይሆንበትም፣ ግን ለሌላው ሊያስተላልፍ ይችላል። የመከላከል አቅሙም በዓመታት ይሳሳል። ድጋሚ የሚሰጥበት ዕድሜ ደርሶ እንደሆነ ጤና ጣቢያችሁን ጠይቅ።

አያ ጎሹ (3:20)
የዳማከሴውን ሐሳብ አንስቻለሁ። የደምበጫዋ፣ ደረሳችሁ?

የሞጣው (ማግስት፣ ከጠዋቱ 1:10)
ማንም የሰማ አለ? ስልኳ አይነሳም፣ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ትሆናለች። 8335 ደውዬ የኅብረተሰብ ጤናን አሳውቄአለሁ፣ ወረዳውን ጠይቀውኛል።