ልጄ ወደ አባቷ ቅላት እየሄደች ነው ወይስ ለምጽ ነው?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ጅማ ሄርማታ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ ጠይም ነኝ፣ ባለቤቴ ቀይ ነው። የሰባት ዓመቷ ልጄ ስትወለድ እኔን ትመስል ነበር፤ ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን የቀኝ ዐይኗ ቆብና ሁለቱ ጉልበቶቿ እየነጡ መጥተዋል። አማቴ «ወደ አባቷ ቅላት እየሄደች ነው» ስላሉኝ አልተጨነቅሁም። ያስጨነቀኝ የዐሥራ አንድ ዓመቱ ወንድሟ ነው። በሁለቱም ክንዶቹ ላይ ከትከሻው ወደ ክርኑ የሚወርድ መስመር አለ፤ ከመስመሩ በውጭ በኩል ያለው ቆዳ ጠቆር፣ በውስጥ በኩል ያለው ፈካ ያለ ነው። ይህ ለምጽ ይሆን? ለምጽስ እንደ ቅላትና እንደ ጠይምነት አንድ የቆዳ መልክ ነው ወይስ በሽታ?

መልስ 1፦ ጡረተኛ መምህር

እህቴ፣ ለምጽን በቤት ውስጥ መለየት ይቻላል። ልጅቷ ዐይኗን ጨፍና ሳለች የተፍታታ ጥጥ ጫፉን አሹለው ጉልበቷ ላይ ነጩን ቦታ ቀስ ብለው ይንኩትና የተነካችበትን ቦታ በጣቷ ታሳይዎት። በትክክል ካሳየች ለምጽ አይደለም፤ ካልተሰማት ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። እኛ በወጣትነታችን በየገጠሩ ስናስተምር የጤና ባለሙያዎች ያሳዩን ዘዴ ይህ ነበር፤ ብዙ ተማሪዎችንም በጊዜ አድኗል።

መልስ 2፦ የጤና መኮንን፣ በቆዳ ክፍል የሠራ

መምህር የጠቀሱት ምርመራ ትክክለኛ ምርመራ ነው፤ ነገር ግን የሚለየው ለምጽን ሳይሆን ሥጋ ደዌን ነው። በሥጋ ደዌ የፈዘዘው ቦታ ስሜት ያጣል፣ ላብም ፀጉርም ሊጎድለው ይችላል፣ መልኩም ደብዘዝ ይላል እንጂ ወተት አይመስልም። በለምጽ ግን ቆዳው ቀለሙን ብቻ ነው የሚያጣው፤ ንክኪው፣ ሙቀቱና ሕመሙ ሁሉ እንደ ቀድሞው ይሰማዋል። ስለዚህ ልጅቷ ጥጡ ተሰማት ማለት ለምጽ የለባትም ማለት አይደለም። የሁለቱ ስም በሕዝባችን ዘንድ የተቀላቀለው በመጽሐፍ ቅዱስ ኦሪት ዘሌዋውያን ላይ «ለምጽ» የተባለውን ብዙ ሰው ሥጋ ደዌ ብሎ ስለተረዳው ይመስለኛል። ለምጽ ግን ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ ሌላ ነገር ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ልጆች ልምጣ። ሳላያቸው ይህ ነው ብዬ መወሰን አልችልም፤ ከጻፉት ስነሣ ግን የተጨነቁበት ልጅ ጤነኛ ሲሆን ያልተጨነቁበት ልጅ ናት መታየት ያለባት።

የጠይምም የቀይም ሰው ቆዳ ውስጥ ቀለም የሚሠሩት ሕዋሳት ቁጥራቸው ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው እነዚህ ሕዋሳት ሜላኒን የተባለውን ቀለም ምን ያህል፣ የትኛውን ዐይነት እየሠሩ በቆዳው ውስጥ እንዴት እንደሚያሰራጩት ነው። ስለዚህ ቀይ ሰው ከጠይም ሰው የጎደለው ሕዋስ የለም፤ ሠራተኞቹ ሁሉ በቦታቸው አሉ፣ የሚሠሩት መጠን ነው የተለየው። በለምጽ ጊዜ ግን የሰውነት መከላከያ ኃይል ራሱ እነዚህን ሕዋሳት እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠፋቸዋል፤ በነጩ ቦታ ላይ ቀለም የሚሠራ አይገኝም። ለዚህ ነው ለምጽ የቅላት መጨረሻ ደረጃ ያልሆነው፤ ቀይም፣ ቀይ ዳማም፣ ጠይምም፣ ጥቁርም ሰው ሊይዘው ይችላል።

ከአባት የሚወረስ ቅላት ደግሞ ልጅን በቁራጭ አይጎበኝም። የሕፃን መልክ ከተወለደ በኋላ ባሉት ወራት በመላ አካሉ አንድ ላይ እየጠቆረ ወይም እየረጋ ይሄዳል፤ ስድስት ዓመት ቆይቶ ዐይን ቆብና ጉልበት ላይ ብቻ ብቅ የሚል የአባት መልክ የለም።

የልጁ ክንድ ላይ ያለው መስመር ጠይምና ጥቁር በሆኑ ሰዎች ላይ በብዛት የሚታይ የተፈጥሮ ድንበር ነው። በሁለቱም ክንድ ላይ እኩል መሆኑ፣ ፈካ ያለውም ወገን ነጭ ሳይሆን ያው ጠይም መሆኑ ይህንኑ ያሳያል። መዳፋችንና ውስጥ እግራችን ከእጃችን ጀርባ መፍካቱ፣ ክርናችንና የጣቶቻችን መገጣጠሚያ መጥቆሩ ሁሉ ከዚሁ ወገን ነው። እርስዎም እጅጌዎን ሰብስበው ክንድዎን በቀን ብርሃን ቢያዩት ያንኑ መስመር ሊያገኙት ይችላሉ።

ልጅቷን ግን ጠዋት ፊቷን ካጠቡ በኋላ ቅባት ሳይነካት መስኮት አጠገብ አቁመው ሦስት ነገር ይዩልኝ። አንደኛ፣ የነጩን ጠርዝ፤ የተፈጥሮ ልዩነት እየደበዘዘ ወደ ጎረቤቱ ሲገባ የለምጽ ጠርዝ ግን ብዙ ጊዜ የተቆረጠ ያህል የጠራ ነው። ሁለተኛ፣ መዳፏን ከጉልበቷ ጋር ያስተያዩ፤ መዳፍ ፈካ ቢልም ቀለም አለው፣ መስመሮቹም ጠቆር ይላሉ፤ ለምጽ ከመዳፍም ይነጣል። ሦስተኛ፣ በነጩ ቦታ ላይ የበቀለውን ፀጉርና ሽፋሽፍት ይመልከቱ።

መልስ 3፦ የሊሙ ቡና አምራች

እኔ የማውቀው የራሴን ነው። ለምጽ ከያዘኝ ዐሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። መልኬ ቀይ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ለብዙ ጊዜ አላስተዋልሁትም ነበር፤ ያወቅሁት ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ሳገላብጥ በከረምሁበት ወቅት ነው። ፀሐዩ እጄን ሲያጠቁረው ጣቶቼ ላይ ያሉት ቦታዎች አልጠቁር አሉ፤ በዚያ ላይ በፀሐይ ተቃጥለው ቀሉብኝ። የእርስዎ ባለቤት ቀይ ነው ብለዋልና በእሱም ላይ ቢኖር እንዲህ ተደብቆ ሊሆን ይችላልና አያይዘው ይዩት።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ከገበያ የገዛሁት ጽሑፍ የሌለው ክሬም ነው። ሻጩ «ያመሳስለዋል» አለኝ፤ ፊቴን በተቀባሁ በጥቂት ወራት ውስጥ ቆዳዬ ሳስቶ የደም ሥሮቼ ይታዩ ጀመር፤ ጤነኛው ቆዳዬም ፈዘዘ። በኋላ በሐኪም ትእዛዝ ቅባትና የጨረር ሕክምና ስጀምር ፊቴ ላይ ቀለሙ የተመለሰው በአንድ ጊዜ አልነበረም፤ በነጩ መሐል ኑግ የተበተነበት ይመስል ከየፀጉሩ ሥር ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ብቅ ብቅ አሉ፤ ከዚያ እየሰፉ ተገናኙ። የጣቶቼ ጫፍ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ጫማዬ የሚያፋትገኝ ቦታ ላይም አዲስ ወጥቶብኛል።

መልስ 4፦ የአንድ ልጅ እናት፣ አጋሮ

የእኔ የአራት ዓመት ልጅ ጉንጮቹ ላይ ክብ ክብ ነጣ ያለ ነገር አለው፤ ሲነካ ትንሽ ሸካራ ነው። ጎረቤቶቼ ቋቁቻ ነው ይላሉ። ይህን ካነበብሁ በኋላ ለምጽ ነው ብዬ ፈራሁ። ለእህታችንም የምመክረው መልኩን አንድ የሚያደርግ የሚያነጣ ክሬም ብትጀምር ነው፤ ሱቅ ውስጥ አይቻለሁ።

መልስ 5፦ የጤና መኮንኑ በድጋሚ

እህቴ፣ የሚያነጣ ክሬም የሚሠራው በጤነኛው ቆዳ ላይ ያሉትን ቀለም ሠሪዎች በማዳከም ስለሆነ ለሕፃን ልጅ በፍጹም አይታሰብም፤ ከሊሙ የጻፉት ወንድማችን የደረሰባቸውን ያስታውሱ። የእርስዎ ልጅ ጉንጭ ላይ ያለው፣ ሸካራ ከሆነና ጠርዙ ከደበዘዘ፣ ቆዳቸው በሚደርቅ ልጆች ላይ የተለመደው መፍዘዝ ይመስላል፤ ቫዝሊን እየቀቡ ጊዜ ይስጡት፣ ብዙውን ጊዜ ቀስ እያለ ይመለሳል። ቋቁቻ ይበልጥ የሚታየው በጎረምሶች ደረት፣ ጀርባና አንገት ላይ ነው፤ ሲፋቅም ብናኝ ቅርፊት ይወጣዋል። ለምጽ ግን ቅርፊት የለውም፣ ለስላሳ ነው።

ስለ ጫማው የተጻፈው ትልቅ ነገር ነው። ለምጽ ያለበት ሰው ቆዳው ሲላጥ ወይም በተደጋጋሚ ሲፋተግ በዚያው ቦታ አዲስ ሊወጣበት ይችላል። የልጅቷ ጉልበት ከመንጣቱ በፊት ወድቃ ተልጦ ነበር? በሌላ በኩል ከተራ ቁስል በኋላም ቆዳ ለጊዜው ሊፈዝ ስለሚችል ጉልበቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የበለጠ የሚያሳስበኝ የዐይን ቆቧ ነው።

የጠያቂዋ መልስ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ

እንዳላችሁኝ መስኮት ላይ አቆምኋት። ጉልበቷ ከመዳፏ ይነጣል፤ ጠርዙም በእስክሪብቶ የተከበበ ያህል ነው። ዐይኗን ስትከድን ከላይኛው ሽፋሽፍቷ ሁለቱ ከሥራቸው እስከ ጫፋቸው ነጭ ሆነው አየሁ፤ ስንት ጊዜ ፊቷን ሳጥብ አላየኋቸውም። አዎ፣ በክረምቱ ትምህርት ቤት ጠጠር ላይ ወድቃ ሁለቱም ጉልበቶቿ ተልጠው ነበር።

ሁለቱንም ወደ ቆዳ ሐኪም ወሰድኋቸው። ሐኪሟ ክፍሉን አጨልማ ሐምራዊ መብራት ስታበራ የልጄ ዐይን ቆብ እንደ ጠመኔ ነጥቶ አበራ፤ ጉልበቷም እንዲሁ። የወንድሟ ክንድ ላይ ግን ምንም አልታየም። ለምጽ መሆኑን ነገረችኝ። ለዐይን ቆቧ 0.03 ከመቶ ታክሮሊመስ ቅባት በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለጉልበቷ ሌላ ቅባት አዘዘችልን፤ የጉልበቱን ወደ ዐይኗ እንዳላስጠጋውም አስጠነቀቀችኝ። የታይሮይድ የደም ምርመራም ጻፈችልን። አማቴ አሁንም «የአባቷ መልክ ነው» ይላሉ፤ ባለቤቴም መሐል ላይ ነው። ይስፋፋ ይሆን ብዬ ስጠይቅ ከአሁኑ መናገር አይቻልም አለችኝ።

መልስ 6፦ ጡረተኛ መምህር

ስለ ጥጡ የጻፍሁት ለልጅቱ ጉዳይ የማይሆን ነበርና ይቅርታ እጠይቃለሁ። አንድ ነገር ግን ላንሣ፤ ለመምህሯ አሁኑኑ ይንገሯት፤ ልጆች «ይተላለፋል» ብለው አብረዋት ላለመቀመጥ ከማሰባቸው በፊት።

መልስ 7፦ የጤና መኮንኑ

ለትምህርት ቤት የመንገሩን ነገር ልጅቷን ራሷን ጠይቀው ቢወስኑ እመርጣለሁ፤ በዚህ ከመምህር ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። የታይሮይድ ምርመራው የታዘዘው ለምጽ ካለባቸው ሰዎች በአንዳንዶቹ ላይ የሰውነት መከላከያ ታይሮይድንም ስለሚያጠቃ ነው፤ አያስደንግጥዎት።

ቅባቱን በሁለትና በሦስት ሳምንት ለውጥ የለውም ብለው እንዳያቋርጡት፤ የመጀመሪያው ለውጥ ራሱ ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት ወር ይወስዳል። በየወሩ በዚያው መስኮት፣ በዚያው ሰዓት፣ ከጉልበቷ ጎን የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጠው ፎቶ ያንሡት፤ መስፋቱንና መጥበቡን ከሳንቲሙ ጋር እያስተያዩ ያውቁታል፣ ለሐኪሟም ይጠቅማታል። ፊት ከሌላው አካል በተሻለ ይመለሳል። ሆኖም ቀለሙ የሚመለሰው ከፀጉር ሥር ስለሆነ ነጭ ሽፋሽፍት ባለበት በኩል ሊዘገይ ይችላል፤ ሁለቱ ሽፋሽፍት ራሳቸውም ነጭ ሆነው ሊቀሩ ይችላሉ። በምንም ምክንያት አይንቀሏቸው።