ደረቅ ንግግርን ወደ ጭውውት መመለስ፣ ግን ሳይቀል

ጠያቂ፦ ለሥራ አስኪያጃችን ለሠራተኞች የሚያቀርቡትን ንግግር እጽፋለሁ። የመጀመሪያውን «ደብዳቤ ይመስላል» ብለው መለሱልኝ። አቅልዬ ስጽፈው ደግሞ «የሰፈር ወሬ ሆነ» አሉ። ሁለቱም ከታች አሉ። የት ነው የሳትኩት?

የመጀመሪያው፦ «በደንበኞች አገልግሎት አሰጣጥ ዙሪያ የተስተዋሉ ክፍተቶችን መቅረፍ ይቻል ዘንድ በተደረገው ግምገማ መሠረት ከመጪው ወር ጀምሮ አዲስ የሥራ ሰዓት ድልድል ተግባራዊ እንዲሆን ተወስኗል።»

ሁለተኛው፦ «ያው እንደምታውቁት ደንበኞች ትንሽ እያማረሩ ነው። እና ምናልባት ሰዓቱን ብንቀይረው ጥሩ ይመስለኛል።»

ቀለም፦ ዓረፍተ ነገሮቹን ቆራርጣቸው። ከስድስት ቃል አይብለጡ። «ተግባራዊ»፣ «ግምገማ» የሚባሉትን ሁሉ አውጣ፤ መግቢያው ላይ ቀልድ ጨምር፣ ይበቃል።

አርታኢው፦ መቆራረጡ ግማሽ መንገድ ያስኬዳል። ሁሉም ስድስት ስድስት ቃል ከሆነ ግን ትእዛዝ የሚደረድር ሰው ይመስላል። ሁለት አጭር፣ ከዚያ አንድ ረዘም ያለ፤ ሰው ሲያወራም እንዲሁ ነው። ቀልዱ ይቅር። የሰው የሥራ ሰዓት ሊለወጥ ነው፣ ማን ይስቃል?

አሁን ወደ ጽሑፎቹ። በአማርኛ ማሰሪያው መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ የመጀመሪያውን የሚሰማ ሰው «ተወስኗል» እስኪባል ድረስ ሁሉንም በጭንቅላቱ ተሸክሞ ይጠብቃል። ያቺ ቃል ስትደርስ ደግሞ ማን እንደወሰነ አትናገርም። ንግግሩን ያደረቀው ከከባድ ቃላቱ ይልቅ ይሄ ነው።

ሁለተኛው ላይ የሆነው ሌላ ነው። ቋንቋውን አቀልላለሁ ስትል ውሳኔውን አቀለልከው። «ያው»፣ «ትንሽ»፣ «ምናልባት»፣ «ይመስለኛል» አንድ ላይ ሲመጡ አድማጩ ገና ያልተቆረጠ ነገር አለ ብሎ ይረዳል፤ ለመከራከር ይዘጋጃል። ሦስቱን አውጥተህ፣ «ይመስለኛል»ን በ«ነው» ተክተህ አንብበው፣ ልዩነቱን ጆሮህ ይነግርሃል።

እኔ እንዲህ አደርገዋለሁ፦

«ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የሥራ ሰዓታችን ይቀየራል። ይሄን የወሰንኩት እኔ ነኝ፤ ምክንያቱንም ልንገራችሁ። ባለፉት ሦስት ወራት የመጡልንን ቅሬታዎች አንድ በአንድ ስናይ፣ አብዛኞቹ የሚሉት ከ11 ሰዓት በኋላ ስልክ የሚያነሳ ሰው የለም ነው። ስለዚህ ከእናንተ ግማሾቹ ዘግይታችሁ ትገባላችሁ፣ ዘግይታችሁ ትወጣላችሁ። ማን በየትኛው ፈረቃ እንደሆነ እስከ ዓርብ ታውቃላችሁ።»

ሦስቱን ወር፣ 11 ሰዓትንና ዓርብን በእውነተኛው ቀንና ቁጥር ተካ። «ዙሪያ የተስተዋሉ ክፍተቶች» የሚለውን ቦታ የያዘው ስልኩ ነው። ክብደቱን የሚሸከሙት ቀኑ፣ ቁጥሩና «ወሰንኩ» ናቸው። እነሱ እስካሉ ድረስ «ይህንን» ወደ «ይሄን» ቢወርድ፣ «ስለሆነም» ወደ «ስለዚህ» ቢቀየር የሚጎድል ነገር የለም።

ጠያቂ፦ «እኔ ነኝ» ማለታቸው አይከብድም? በኮሚቴ የተወሰነ ነው።

አርታኢው፦ በኮሚቴ ከሆነ «ወስነናል»። ያልወሰኑትን «እኔ» ካሉ ጥያቄ ሲመጣ ይጋለጣሉ። «ተወስኗል» ብቻ አይሁን።

ዘነበች፦ እኔ ለቦርድ የማነበው የሩብ ዓመት ሪፖርት አለኝ፤ እሱንም እንዲህ ላድርገው?

አርታኢው፦ ሪፖርቱ በቦርዱ አባላት እጅ ካለ አትንኪው። ቆመሽ የምትናገሪውን ሁለት ሦስት ደቂቃ ብቻ ለብቻው ጻፊ።

መድረክ፦ አንድ ልጨምር። ከመጻፍህ በፊት ኃላፊውን «ይሄን ጉዳይ ፊት ለፊትዎ ለተቀመጠ አንድ ሠራተኛ ቢነግሩት እንዴት ይሉታል?» ብለህ ጠይቅና በስልክ ቅዳ። አምስት ደቂቃ ይበቃል። የሚደጋግሟቸውን ማያያዣዎችና የሚመርጡትን ግሥ ከዚያ ውሰድ። አንተ ፈጥረህ የምታስገባው የጨዋታ ቃል በእሳቸው አፍ የተውሶ ልብስ ይሆናል። ረቂቁን ደግሞ ራሳቸው ጮክ ብለው ያንብቡት፤ አንተ አታንብብላቸው። ትንፋሽ ያጠራቸው ቦታ ዓረፍተ ነገሩ ይከፈል። ሁለት ጊዜ የተደናቀፉበት ቃል ይቀየር፣ ትክክል ቢሆንም። ስታትመው ፊደሉን አጉላው፤ ዓረፍተ ነገር ከገጽ ወደ ገጽ አይሻገር፣ ወረቀት ሲገልጡ ድምፃቸው ይወድቃልና።

ቀለም፦ ሰላምታውስ? «ክቡራትና ክቡራን» ካለ በኋላ ጭውውት እንዴት ይሆናል?

መድረክ፦ በየቀኑ ለሚያገኟቸው ሰዎች «እንደምን አደራችሁ» ብለው በቀጥታ ቢገቡ ይሻላል።

አርታኢው፦ እዚህ ላይ አልስማማም። እንግዳ ካለ «ክቡራን» አንድ ጊዜ ይባል። አንድ መስመር መደበኛ መሆኑ ቀጥሎ ያለውን አያደርቀውም፤ እንዲያውም ከዚያ በኋላ ቀለል ሲሉ ይበልጥ ይሰማል። መሃል ላይ እንደገና ሲመጣ ነው የሚያበላሸው።

ጠያቂ፦ እንግዳ ይኑር አይኑር ገና አላወቅኩም። ነገ ጠዋት ድምፃቸውን ልቀዳ ነው።