ንዑስ ዙሩን ልከለክል ብዬ ትክክለኛውንም መንገድ ዘጋሁት

ሐዋሳ ውስጥ ከመጋዘን ተነስቶ 7 ሱቆችን አዳርሶ ለሚመለስ ባጃጅ አጭሩን መንገድ በኢንቲጀር ፕሮግራም እየፈለግኩ ነው። ባጃጁ ከ i ወደ j ከሄደ x_ij 1 ነው፣ ካልሄደ 0። እያንዳንዱ ቦታ አንዴ ይገባበት፣ አንዴ ይወጣበት ብቻ ስል ታቦር ተራራ ሥር ያሉት 3 ሱቆች መጋዘኑን ሳይነኩ ለብቻቸው ዞሩ። ስለዚህ ለየቦታው የተራ ቁጥር u ሰጥቼ በሁሉም ጥንድ ላይ ይህን ጨመርኩ፦

```
u_i - u_j + 8*x_ij <= 7
```

አሁን ደግሞ ሶልቨሩ `infeasible` ይለኛል። ምክንያቱ ገብቶኛል፤ በሙሉው ዙር ላይ ስደምረው u-ዎቹ ይጣፉና 64 ≤ 56 ይቀራል። መጋዘኑን ከገደቡ ሳወጣው ይሠራል። ግን ያኔ መጋዘኑን ይዞ 4 ሱቅ ብቻ የሚያዳርስ ዙር እንዳይፈጠር የሚከለክለው ምንድን ነው?