ኦፍሴቱ 172.5 ወጣብኝ፤ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ሜሮን፦ ሰላም ለሁላችሁ። 3,500 ባይት የሆነ የአይፒቪ4 ፓኬት ኤምቲዩው፣ ማለትም በአንዴ የሚያሳልፈው ትልቁ ፓኬት፣ 1,400 ባይት በሆነ መስመር ያልፋል። ሄደሩ 20 ባይት ነው። ስለዚህ አንድ ቁራጭ 1,380 ባይት ዳታ ይይዛል ብዬ የሁለተኛውን ቁራጭ መነሻ፣ ኦፍሴቱን፣ ለማግኘት ለ8 ሳካፍለው 172.5 መጣ። ኦፍሴት ግማሽ ይኖረዋል እንዴ?

ናሆም፦ ግማሽ የለውም። 172 ብለሽ ጻፊው፣ ዳታውን 1,380 ተዪው። ቀጣዩ ራውተር መልሶ ይገጣጥመዋል።

ጥላሁን፦ ናሆም፣ 172 ማለትህ ልክ ነው፤ ዳታውን መተውህ ግን አያስኬድም። ተቀባዩ 172ን በ8 አባዝቶ ሁለተኛውን ቁራጭ ከ1,376 ያስጀምረዋል። ያኔ የመጀመሪያው ቁራጭ የመጨረሻ 4 ባይት ከሁለተኛው ጋር ይደራረባል።

ሜሮን፣ መቀነስ ያለበት ዳታው ነው። ከመጨረሻው በቀር ሁሉም ቁራጭ የ8 ብዜት ይይዛል። ከ1,380 የማይበልጠው ትልቁ ደግሞ 1,376 ነው። የምትከፋፍዪው 3,480 መሆኑንም አትርሺ፤ ሄደሩ ዳታ አይደለም። እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱን ሄደር ይዞ ይሄዳል። ኤምኤፍ 1 ሲሆን ከኋላ ሌላ ቁራጭ አለ፣ 0 ሲሆን የመጨረሻው ነው ማለት ነው።

```
offset=0    MF=1  data=1376  total=1396
offset=172  MF=1  data=1376  total=1396
offset=344  MF=0  data=728   total=748
```

በ8 የሚቆጠረው ቦታው ስለሚጠብ ነው። ለኦፍሴት የተሰጠው 13 ቢት ብቻ ነው፤ የፓኬቱ ርዝመት ግን 16 ቢት አለው። መገጣጠሙም ራውተር ላይ አይደለም። ቁራጮቹ በተለያየ መንገድ ሊሄዱ ስለሚችሉ ሁሉም የሚገናኙት መድረሻው ላይ ነው።

ሕይወት፦ እኔም ላይ ይሄው ነው የደረሰው መሰለኝ። ቪፒኤን ስከፍት ፒንግ ይሠራል፤ አንዳንድ ድረ ገጽ ግን ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ሜሮን፦ አሁን ገባኝ! ግን የመጨረሻው ቁራጭ ቀድሞ ቢደርስስ? ኤምኤፍ 0 ሲያይ አልቋል አይልም?

ጥላሁን፦ አይልም። ከእሱ የሚያውቀው ጠቅላላውን ርዝመት ነው፦ 344 ሲባዛ በ8፣ ሲደመር 728፣ 3,480። ከዚያ ክፍተቱ እስኪሞላ ይጠብቃል። የአንድ ፓኬት ቁራጮች መሆናቸውን የሚለየው በመለያ ቁጥራቸው፣ በፕሮቶኮላቸውና በላኪና ተቀባይ አድራሻቸው ነው። ጊዜው ካለቀ አንድ ብቻ ቢጎድልም ሁሉንም ይጥላል።

ሕይወት፣ ያንቺ የተገላቢጦሽ ይመስለኛል። አትቆራርጡኝ የሚል ፍላግ ያለው ፓኬት ከኤምቲዩው ከበለጠ ራውተሩ ይጥለውና ለላኪው በአይሲኤምፒ ያሳውቃል። መሀል ላይ ፋየርዎል ያንን መልእክት ካስቀረ ላኪው ሳያውቅ ያንኑ ትልቅ ፓኬት ይደጋግማል። ትንሿ ፒንግ የምታልፈው ለዚህ ነው። ሊኑክስ ካለሽ ይህን ሞክሪ፤ 1,372 ላይ 8 እና 20 ሲደመር 1,400 ይሆናል።

```
ping -M do -s 1372 example.com
```

ሕይወት፦ ሞከርኩት። በ1,372 ምንም መልስ የለም፣ የስህተት መልእክትም የለም። በ1,300 ይመልሳል። የቪፒኤኑን ኤምቲዩ ወደ 1,328 አወረድኩት፤ አንዱ ገጽ ተከፈተ፣ ሌላው ግን አሁንም እንደተንጠለጠለ ነው።