በሁዳዴ የመጣ የኢፍጣር ግብዣ፦ መቅረት ወይስ ሄዶ መቀመጥ?

ጠያቂዋ (ደሴ፣ ፒያሳ)፦ አብራኝ የምትሠራ ሙስሊም ጓደኛዬ ለቅዳሜ ኢፍጣር ጠርታኛለች። ዘንድሮ በ2018ም እንደ አምናው ረመዳንና ሁዳዴ ገጥመዋል። እኔ ጿሚ ነኝ፣ እሁድም እቆርባለሁ። ብቀር «ተጠየፈችኝ» እንዳትል ፈራሁ። ምን ብዬ ልቅር?

ከሸዋ በር፦ ይሄ ምን ያስጨንቃል እህቴ? እሷም ጾመኛ ናት፣ የጾምን ነገር ከማንም በላይ ታውቃለች። «ጾም ነኝ፣ ከፋሲካ በኋላ መጥቼ እበላለሁ» በያትና ተገላገይ።

ከኮምቦልቻ፦ እኔም ይሄው ነው ችግሬ። ሙስሊም ነኝ፣ ደመወዝ በወጣ ቁጥር የፈረቃ ጓደኞቼ ቢራ ቤት እንሂድ ይላሉ። አንድ ባልደረባችን «ጨጓራ አለብኝ» እያለ ቀረ፤ እነሱም አዝነው ሐኪም ይጠቁሙት ጀመር። ሻል አለህ ወይ ሲሉት መልስ አጣ። እኔ ግን መጠጡ ለእኔ አይሆንም፣ ምሳ ከሆነ ግን አብሬ ነኝ አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ምሳ ሲሆን ይጠሩኛል።

ከቧንቧ ውሃ፦ ወንድምዓለም፣ የአንተ ጉዳይ መጠጥ ነው፣ የልጅቷ ሌላ ነው። ሰበብ አለመፍጠርህን ግን እወድልሃለሁ። የሸዋ በሩ ልጅ ምክር ግማሹ ልክ ነው፤ ጾም መሆኗን መናገሯ ደግ ነው። «ከፋሲካ በኋላ እበላለሁ» የሚለው ነው አደገኛው። ያቺ ልጅ ቃልሽን አምና ከፋሲካ በኋላ ዶሮ ታሳርዳለች። በእኛ አገር ወግ ደግሞ ክርስቲያን የእስላም ሥጋ አይበላም፣ እስላምም የክርስቲያን ሥጋ አይበላም። ያኔ ሁለተኛ እምቢ ልትዪ ነው፤ የፊተኛውም ጾም ሰበብ ነበር ማለት ነው ትላለች። መጠየፉ እዚያ ላይ ነው የሚታሰበው።

የጾሙን ምክንያትና የሥጋውን ምክንያት ለየብቻ ንገሪያት። የሥጋው ነገር ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። እናቴ ሙስሊም ጎረቤቶቿን ስትጠራ በጉን የሚያርደውም ወጡን የሚሠራውም ከእነሱ ወገን ነበር፣ ድስቱም ለብቻ። እነሱም ለእኛ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ማንም አልተቀየመም፤ ሁሉም አስቀድሞ ያውቀዋልና።

ከአራዳ፦ እኔ ዲያቆን ነኝ። ቅዳሜ ጨርሶ አይሆንም። ለመቁረብ 18 ሰዓት መጾም አለ፤ ስለዚህ ከቅዳሜ 9 ሰዓት ጀምሮ ምንም አይቀመስም። ኢፍጣር የሚፈታው አመሻሽ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ተምሩም ውኃውም አይቻልም። በሌላ ቀንም ቢሆን ባትሄድ ይሻላል ባይ ነኝ። ሳምቡሳው የምስር ቢሆን እንኳ የሥጋው በተጠበሰበት ዘይት ከተጠበሰ እንዴት ጾም ይባላል?

ከቧንቧ ውሃ፦ ስለ ቅዳሜው ልክ ነህ ልጄ። ስለ ሌላው ቀን ግን አልስማማም። ማዕድ ላይ መቀመጥና መብላት ይለያያሉ።

እህትዓለም፣ ዛሬ ነገ ሳትዪ ንገሪያት፤ ገበያ ወጥታ ከገዛች በኋላ ከሆነ ድካሟን ነው የምትጥዪው። ቢሮ ውስጥ ሰው እየሰማ ሳይሆን ለብቻዋ። እንዲህ በያት፦ «ቅዳሜ ማታ ምንም አልቀምስም፣ እሁድ እቆርባለሁ። ማክሰኞ ቢሆንልሽ ግን እመጣለሁ፤ ተምርና የምስር ሳምቡሳ ይበቃኛል፣ ሾርባው ሥጋ ካለበት ለእኔ አትቅጂ።» ቀን ቆርጠሽ ስትነግሪያት የምትሸሺያት እንዳልሆነ ታውቃለች። የምትበዪውን ስትጠቅሺላትም ምን ላቅርብ ብላ አትጨነቅም።

የመከፋቷን ነገር ከቡናው ታውቂዋለሽ። በሌላ ጊዜ ሳትጠይቅ የምትቀዳልሽ ልጅ «ቡናዬንስ ትጠጫለሽ?» ካለችሽ ነገሩ ገብቷታል ማለት ነው። ያኔ ዝም አትበዪ፣ ቡናውን ጠጥተሽ ምክንያቱን ድገሚላት።

ከሆጤ፦ እኔ ጠሪዋ ብሆን ብዬ አሰብኩት። ሙስሊም ነኝ። ለእኛ ጾመኛን ማስፈጠር አጅር አለው፤ ክርስቲያን ጓደኛዬን ስጠራ ግን ምግቡን ብዬ አይደለም፣ ቤቴን እንድታየው ነው። ተምር ብቻ በልታ ብትሄድ ቅር አይለኝም። ቅር የሚለኝ «እሺ እመጣለሁ» ብላ ስልኳን ስትዘጋ ነው። ዘይቱን በተመለከተ ንገሩኝ እንጂ የምስሩን አስቀድሜ በንጹህ ዘይት እጠብሳለሁ፣ ምንም አይከብደኝም።

ከአራዳ፦ ቀድሞ ከተጠበሰ ዘይቱ ላይ ክርክር የለኝም። የመግሪብ ሶላት ሰዓት ግን እዚያው ነው፤ እሷ ያኔ የት ትሆናለች?

ከሆጤ፦ እኛ ስንሰግድ እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል፣ ማንም ስገድ አይለውም።

ከአራዳ፦ እኔ አሁንም ልቤ አልተቀበለውም። የንስሐ አባቷን ትጠይቅ።

ጠያቂዋ፦ ዛሬ ከሥራ መልስ ለብቻዋ እነግራታለሁ፤ ማክሰኞን አልኳችሁ። የንስሐ አባቴንም እጠይቃለሁ። አንድ ነገር ግን ቀረኝ፦ ዒዱም ሁዳዴ ውስጥ ነው የሚውለው፤ ያን ቀን ደግሞ ሥጋ ነው ሁሉም ነገር። እንኳን አደረሰሽ ልበል ብዬ ብሄድ ምን ይዤ ልሂድ?

ከሆጤ፦ ቡና ይዘሽ ነይ፣ እኛው እናፈላዋለን።