ፕሮፋይል ላይ ኢሞጂ መደርደር ይስባል ወይስ ያባርራል?

ሄለን (ጠያቂ)፦ ቲንደር ላይ ስለ ራሴ የጻፍኩት ☕✈️📸💪🙏😜🔥 ብቻ ነው። ጓደኛዬ «ልጅ ነው የሚያስመስልሽ፣ አጥፊው» አለችኝ። እውነት ኢሞጂ ሰው ያባርራል? የቱንስ ልተው?

አቤል፦ አትስሚያት ባክሽ። በጥናት የተረጋገጠ ነገር ነው። ኢሞጂ የሚያበዙ ሰዎች ዴትም ይበዛላቸዋል። አሜሪካ ውስጥ ተጠንቷል።

ሩት፦ አቤል፣ ጥናቱስ አለ። በ2019 ፕሎስ ዋን በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ፣ ስለ ፍቅርና ወሲብ የሚያጠናው የኪንሲ ተቋም ሰዎች ሥራ ነው። ግን እነሱ የጠየቁት ሰው ከሚፈልገው ሰው ጋር ቻት ሲያደርግ ኢሞጂ ይጠቀም እንደሆነ ነው። የፕሮፋይል ነገር አልነበረም። ደግሞ ኢሞጂው ነው ዴቱን ያመጣው ማለት አይቻልም። ተጫዋች ሰው ሁለቱም ሊበዛለት ይችላል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ቻት ላይ 😜 ስትልኪ ከፊቱ ዐረፍተ ነገር አለ፤ ሰውየውም ትንሽ አውቆሻል። ፕሮፋይል ላይ ግን ድምፅሽን ሰምቶ አያውቅም።

ያንቺን እንየው። ☕✈️📸 ግማሹ ሰው ፕሮፋይል ላይ ስላለ ስላንቺ የሚናገረው የለም። 🙏 ከ😜 ጎን ሲቆም ደግሞ ግራ ያጋባል። ጸሎት ነው? ምስጋና ነው? ወይስ ቀልድ? መጨረሻ ላይ 🔥 ሲመጣ አንባቢው ክፍቱን ቦታ በራሱ ምኞት ይሞላዋል።

ሄለን፦ ወይ ጉድ! ለዚህ ነዋ ገና ሰላም ሳይሉኝ «ማታ ምን ትሠሪያለሽ» የሚሉኝ።

ሩት፦ ሊሆን ይችላል፤ እንዲያ የሚጽፉ ወንዶች ያለ 🔥ም ይጽፋሉ። ግን እስቲ እንዲህ አድርጊው፦ «ቅዳሜ ጠዋት ፒያሳ ማኪያቶዬን ጠጥቼ ፎቶ ሳነሳ እውላለሁ። አብሮኝ የሚዞር ሰው ቦርሳዬን ይሸከማል 😜»። ሰባት የነበረው አንድ ሆነ። ያም አንዱ ሥራ አለው፤ የቦርሳው ነገር ቀልድ መሆኑን ይነግራል። መልእክት ሲላክልሽም «የምን ቦርሳ?» ብሎ የሚጀምር አይጠፋም። ለማወቅ ከፈለግሽ ኢሞጂዎቹን በጣትሽ ሸፍነሽ አንብቢው። የሚነበብ ካልቀረ ምንም አልጻፍሽም ማለት ነው።

ጋሽ ታደሰ፦ ይሄ ፊት ላይ የሚለጠፈውን ቢጫ ነገር ነው የምታወሩት? የወንድሜ ልጅ ቴሌግራም ላይ ትዳር ፈላጊዎችን አሳየኝ። አንዷ ፊቷን በሙሉ ሸፍናዋለች። እንዴት ነው ሰው ፊት ሳያይ የሚያገባው?

ሩት፦ ጋሼ፣ ጥያቄው ስለ ጽሑፉ ነበር፤ ግን ጥሩ አነሡት።

ሰዓዳ፦ እኔ ከሸፋኞቹ ነኝ። ዱባይ ነው የምሠራው። አሠሪዎቼም የአገሬ ልጆችም ቢያዩኝ ወሬው ቤት ድረስ ይደርሳል። ፊቴን በ🌸 ሸፍኜ፣ ካወራሁት በኋላ ላመንኩት ሰው ፎቶ እልካለሁ። ችግሩ ብዙዎቹ «ሐሰተኛ አካውንት ነሽ» ብለው ይሄዳሉ።

ሩት፦ ሰዓዳ፣ ያንቺ ምክንያት በቂ ነው። ምክንያቱን ግን ካልጻፍሽው አንባቢው የመጀመሪያ ግምቱ ማጭበርበር ነው። «ለሥራዬ ስል ፊቴን ሸፍኛለሁ» የሚል አንድ መስመር ጨምሪ። የሚያስጠላው ሌላኛው ዓይነት ነው፤ አጠገብ ያለ ሰው ፊት ላይ ❤️ ወይም 😎 መለጠፍ። ትከሻሽ ላይ ያለው እጅ ይታያላ! እህትሽ ብትሆንም የቀድሞ ፍቅረኛ ነው የሚመስለው። ቁረጪው፣ ወይ ሌላ ፎቶ ፈልጊ።

ጋሽ ታደሰ፦ እኔ አሁንም አልተዋጠልኝም። ፊት ሳላይ አልልክም ሽማግሌ።

ዮናስ (ሜሪላንድ)፦ የባንዲራውስ ነገር? እኔ 🇪🇹 አድርጌ ነበር። አንዷ «ኮከቡን ለምን?» ብላ ጀመረችኝ። እኔ አገሬን ለማለት ብቻ ነበር ያስቀመጥኩት። አሁን በ💚💛❤️ ተካሁት፤ ሌላዋ ደግሞ ከዚያኛው ወገን ቆጠረችኝ።

ሩት፦ የዚህ መፍትሔ የለኝም። ስልክህ ላይ ባንዲራው ከነኮከቡ ነው የሚመጣው፤ ያለ ኮከብ ምርጫ የለም። በዊንዶውስ ኮምፒውተር የምታይህ ደግሞ ET የሚሉ ሁለት ፊደሎች ብቻ ሊታዩዋት ይችላሉ። እኔ ብሆን «ያደግሁት ደሴ ነው» ብዬ በቃላት እጽፈዋለሁ።

አቤል፦ እኔ አልስማማም። በባንዲራ የምትጣላህ ሴት ከሦስት ወር በኋላ ከምትጣላህ ዛሬ ብታልፍህ ይሻላል።

ዮናስ፦ ገና ስሜን ሳታውቅ?

ሄለን፦ እኔ 🔥ን አጥፍቻለሁ። 🍑 እና 🍆ስ?

ሩት፦ እነዚያን እንኳን አንቺ ፌስቡክም ያውቃቸዋል። በ2019 ስለ ወሲባዊ ግብዣ ባወጣው ደንብ ውስጥ እንዲህ ያሉ ኢሞጂዎችን አስገብቷል። ፍራፍሬ ሻጭ ካልሆንሽ ተያቸው።

አቤል፦ 💪ስ? ለወንድ ችግር የለውም አይደል?

ሰዓዳ፦ አቤል፣ ከጂም ፎቶህ ጋር ከሆነ እኔ አልፍሃለሁ።